ሦስት አካላት እያልን ሦስት አማልክት የማንለው ለምንድን ነው?

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤ ስለ ምሥጢረ ሥላሴ እንድናገር ስትጋብዙኝ እጅግ ሰፊ ርእስ ነው የሰጣችሁኝ። ሁሉንም ልንካ ብል አንዱንም ሳልጨብጥ እወርዳለሁ። ስለዚህ አንዲት ጥያቄ ብቻ ይዤ እቆያለሁ። አብ አምላክ ነው፣ ወልድ አምላክ ነው፣ መንፈስ ቅዱስም አምላክ ነው እንላለን። ታዲያ ሦስት አማልክት ናቸው የማንለው በምን ምክንያት ነው?

ጥያቄውን ብዙዎቻችን ከሙስሊም ጎረቤት ወይም ከሥራ ባልደረባ ሰምተነዋል። ከገዛ ልጆቻችን የሰማነውም አለን። ሲጠየቁ የሚቆጡ ሰዎች ስላሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። ይህን የሚጠይቀን ሰው ለአንዱ አምላክ ክብር ተቆርቁሮ ነው፤ በዚህ መቆርቆሩ ደግሞ ከእኛ ጋር ይስማማል። ጸሎተ ሃይማኖታችን የሚጀምረው «በአንድ አምላክ እናምናለን» በማለት ነው። ስናማትብም «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብለን አናቆምም፤ ወዲያው «አሐዱ አምላክ» እንላለን። ሦስቱን ስም ጠርቶ አንድ አምላክ የሚል ሰው፣ ሦስቱና አንዱ እንዴት አብረው እንደሚቆሙ ሲጠየቅ መልስ መስጠት አለበት።

መልሱን ከዜሮ መጀመር አያስፈልገንም። ይህ ጥያቄ ከ1600 ዓመት በፊት፣ በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ ዛሬ ቱርክ በሚባለው አገር በቀጰዶቅያ ለሚኖር አንድ ጳጳስ ቀርቦለታል። እርሱም እኛ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ የምንለው፣ የታላቁ ባስልዮስ ወንድም ነው። በ381 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በቁስጥንጥንያ በተሰበሰበው ጉባኤ ከተገኙት አባቶች አንዱ ነበር። አብላቢዮስ የተባለ ሰው ጥያቄውን አቀረበለት፤ እርሱም «ሦስት አማልክት እንዳልሆኑ» የሚል መልስ ጻፈለት። እኔ እስካሁን ካነበብኋቸው መልሶች ሁሉ ጥያቄውን ሳያድበሰብስ የተጋፈጠ ይህ ስለሆነ ዛሬ አብረን እንከተለው።

ጥያቄው እንዲህ ነው። ጴጥሮስ፣ ያዕቆብና ዮሐንስ ባሕርያቸው አንድ ነው፤ ሦስቱም ሰው ናቸው። ባሕርያቸው አንድ ቢሆንም ግን ሦስት ሰዎች እንላቸዋለን እንጂ አንድ ሰው አንላቸውም። እንግዲህ አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ በአካል ሦስት፣ በባሕርይ አንድ ከሆኑ፣ እንደ ሦስቱ ሐዋርያት ሦስት አማልክት መባል አይገባቸውምን? ጎርጎርዮስ ጥያቄውን አላቃለለውም። ከሁለት ገደል መካከል እንዳቆመው ተናግሯል። ወይ ሦስት አማልክት ብለን ከአሕዛብ ጋር እንቆማለን፤ ወይ ደግሞ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን አምላክ አይደሉም ብለን ከጥምቀታችን ጋር እንጣላለን።

ጥያቄው ምን ያህል ከባድ እንደነበረ ለመረዳት የዚያን ዘመን ሰው ብዙ አማልክት ሲባል በዓይነ ኅሊናው የሚያየውን ማየት ይጠቅማል። በግሪኮች ተረት ሦስት ወንድማማች አማልክት ዕጣ ተጣጥለው ዓለምን ተካፈሉ። ዜውስ ሰማዩን፣ ፖሴይዶን ባሕሩን፣ ሐዴስ የሙታንን አገር ወሰደ። የአንዱ ሥልጣን የሌላው ሥልጣን በሚጀምርበት ያበቃል። አንዱ የሚወደውን ሰው ሌላው ያሳድደዋል። ጸሎትም እንደየክፍሉ ነው፤ መርከበኛው ወደ አንዱ ይጮኻል፣ ዝናብ የሚሻው ወደ ሌላው። ብዙ አማልክት ሲባል እንግዲህ ይህ ነው፤ የተለያየ ፈቃድ፣ የተከፈለ ሥልጣን፣ የየራስ ሥራ። ጎርጎርዮስ መልሱን የሠራው ይህን ልዩነት እያየ ነው።

የመጀመሪያው መልሱ ስለ አነጋገራችን ነው። ሰብአዊ ባሕርይ አንድ ስለሆነ «ብዙ ሰዎች» ማለታችን በልማድ የመጣ እንጂ በጥብቅ ቢታይ ትክክል አይደለም ይላል። ወርቅ ወደ ብዙ ሳንቲም ቢቀረጽም ወርቁ አንድ ወርቅ እንደሚባል ማለት ነው። በሰው ላይ ይህን ልማድ መታገሥ አይጎዳም፤ በእግዚአብሔር ላይ ግን ስሕተት ላይ ስለሚጥል አንታገሠውም ይላል።

እውነቱን ለመናገር ይህ ክፍል ብቻውን ቢሆን አያሳምነኝም ነበር። ጴጥሮስና ዮሐንስ አንድ ሰው ናቸው ብሎ የሚያስብ የለም። ጴጥሮስ ጌታውን ሲክድ ዮሐንስ አልካደም። አንዱ ተኝቶ ሌላው ይነቃል፤ አንዱ ሞቶ ሌላው ይኖራል። ነገር ግን ጎርጎርዮስ ራሱ እዚህ ላይ አያቆምም። የመልሱ ጉልበት ያለው በሚቀጥለው ክፍል ነው፤ ጊዜያችንንም ለእርሱ እንስጥ።

ሦስት ሰዎችን ሦስት የሚያደርጋቸው ምንድን ነው? ባሕርያቸው አንድ መሆኑ ሦስት ከመባል አላዳናቸውም። ሦስት ገበሬዎች በአንድ ማሳ ላይ በደቦ ያርሱ እንበል። ሥራው አንድ ይመስላል። ሲመረመር ግን አንደኛው የራሱን በሬዎች ይዞ የራሱን ትልም ያወጣል፤ ሁለተኛውም እንዲሁ፤ ሦስተኛውም። የአንዱ ክንድ ሲደክም የሌላው አይደክምም። አንዱ ትቶ ቢሄድ ሁለቱ ይቀጥላሉ፤ የጎደለው የእርሱ ድርሻ ብቻ ነው። አሳባቸው ሦስት፣ ጉልበታቸው ሦስት፣ ትልማቸው ሦስት ነው። ውጤቱን አንድ ያደረገው መደመር ነው። ስለዚህ ገበሬዎች ተብለው በብዙ መቆጠራቸው ተገቢ ነው።

ጎርጎርዮስ የሚለው በእግዚአብሔር ዘንድ እንዲህ ያለ መደመር የለም ነው። ከእግዚአብሔር ወደ ፍጥረት የሚመጣ ሥራ ሁሉ ከአብ ይጀምራል፣ በወልድ ይሆናል፣ በመንፈስ ቅዱስ ይፈጸማል። ይህ ሲባል አብ ሥራውን ጀምሮ ለወልድ አስረከበ፣ ወልድም ለመንፈስ ቅዱስ አቀበለ ማለት አይደለም። አንዱ ሥራ ነው በሦስቱ ያለ። ማስረጃ አድርጎ የሚያነሣው ሕይወትን ነው። ሕይወትን ከአብ ተቀብለናል፣ ከወልድ ተቀብለናል፣ ከመንፈስ ቅዱስም ተቀብለናል። ነገር ግን ሦስት ሕይወት አልተቀበልንም። እያንዳንዳችን ያለን አንዲት ሕይወት ናት። ሦስት ሰጪዎች ሦስት ስጦታ ሰጥተው ቢሆን ኖሮ ልንቆጥራቸው በቻልን ነበር፤ የምንቆጥረው ግን የለም።

ይህ የጎርጎርዮስ ፈጠራ አይደለም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ጌታ ስለ ራሱ የተናገረውን አስታውሱ፤ ወልድ ከራሱ ምንም ሊያደርግ አይችልም፣ አብ የሚያደርገውን ሁሉ ግን ወልድ ደግሞ እንዲሁ ያደርጋል። የመጀመሪያውን ሐረግ ብቻ ይዘው ወልድ ደካማ ነው ያሉ ነበሩ፤ አርዮሳውያን እንዲህ ዓይነቱን ቃል ይወዱት ነበር። ቃሉ ግን የሚለው ሌላ ነው። ወልድ ከአብ ተለይቶ የሚሠራው የግል ሥራ የለውም፤ አብም ያለ ወልድ የሚሠራው የግል ሥራ የለውም። ፖሴይዶን ከዜውስ የተለየ የራሱ ባሕር ነበረው። ወልድ ግን አብ የሌለበት ባሕር የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ጥሩ ተቃውሞ ይመጣል፤ ከእናንተ መካከል አሁን ያሰባችሁት እንደምትኖሩ እገምታለሁ። ሥራቸው አንድ ከሆነ ሰው የሆነው ወልድ ብቻ ለምንድን ነው? አብ ሰው አልሆነም፤ መንፈስ ቅዱስም ሰው አልሆነም። ይህ የተለየ ሥራ አይደለምን?

መልሱን ከሊቃውንቶቻችን ትምህርት እናገኘዋለን። ወደ ናዝሬት፣ ወደ ብሥራቱ ሰዓት እንሂድ። መልአኩ ለእመቤታችን ሲናገር መንፈስ ቅዱስ በአንቺ ላይ ይመጣል፣ የልዑልም ኃይል ይጸልልሻል፣ ከአንቺ የሚወለደውም የእግዚአብሔር ልጅ ይባላል አላት። ሦስቱም በዚያች ሰዓት አሉ። ሊቃውንቱ ሲተረጉሙ አብ ለማጽናት፣ መንፈስ ቅዱስ ለማንጻት፣ ወልድም ሥጋን ለመዋሐድ ይላሉ። የሰውን ልጅ ለማዳን የፈቀደው ፈቃድ አንድ ነው፤ ያደረገው ኃይል አንድ ነው። በዚያ በአንዱ ሥራ ውስጥ ግን ሥጋን የራሱ ያደረገ አካል ወልድ ነው። ከአብ የተወለደው ከድንግል ተወለደ፤ ልጅነቱ ሁለት ልጆች ሳያደርገው ጸንቶ ኖረ። ስለዚህ ሥጋዌ የሦስትነቱም የአንድነቱም ምስክር ነው። ማን ሥጋ ሆነ ሲባል ወልድ ብቻ እንላለን። በማን ፈቃድና ኃይል ሲባል በአንዱ አምላክ ፈቃድና ኃይል እንላለን።

ከዚህ ጋር አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ልግለጥ። በአገራችን የአዕማደ ምሥጢር ትምህርት ሥላሴ በስም፣ በአካልና በግብር ሦስት ናቸው ይባላል። ጎርጎርዮስ ሥራቸው አንድ ነው ካለ፣ እኛ በግብር ሦስት ማለታችን አይጋጭም ወይ ብለው የሚጠይቁ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። አይጋጭም። በግብር ሦስት ስንል የአካል ግብርን ማለታችን ነው፤ የአብ መውለድና ማሥረጽ፣ የወልድ መወለድ፣ የመንፈስ ቅዱስ መሥረጽ። ይህ ወደ ፍጥረት የሚወጣ ሥራ አይደለም፤ በመካከላቸው ያለ ነው። ዓለምን መፍጠር፣ መመገብ፣ ማዳን፣ መፍረድ ግን የሦስቱ አንድ ሥራ ነው። አካል ስንልም እጅና እግር ያለው ገላ ማለታችን እንዳልሆነ ሕፃናትን ስናስተምር ደጋግመን መናገር አለብን፤ ብዙ ስሕተት የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የራሳችን ሊቃውንት ደግሞ ጎርጎርዮስ በዚህ መልሱ ባልተጠቀመበት መንገድ ወደዚያው ደርሰዋል። አብ ልብ ነው፣ ወልድ ቃል ነው፣ መንፈስ ቅዱስ እስትንፋስ ነው ይላሉ። ይህን ከሦስቱ ሐዋርያት ጋር አነጻጽሩት። ጴጥሮስ፣ ያዕቆብና ዮሐንስ ሦስት ልብ አላቸው፣ ሦስት ቃል አላቸው፣ ሦስት እስትንፋስ አላቸው። ጴጥሮስ ያሰበውን ዮሐንስ ካልተነገረው አያውቅም። በሥላሴ ግን ልብ አንድ ነው፤ እርሱም አብ ነው፤ ወልድና መንፈስ ቅዱስ በአብ ልብነት ያስባሉ። ቃል አንድ ነው፤ እርሱም ወልድ ነው፤ አብና መንፈስ ቅዱስ በወልድ ቃልነት ይናገራሉ። ሕይወትም አንድ ነው፤ እርሱም መንፈስ ቅዱስ ነው፤ አብና ወልድ በእርሱ ሕያዋን ናቸው። ሦስት አማልክት ቢሆኑ ሦስት ልብ በኖራቸው፤ ሦስት ልብ ካለ ሦስት አሳብ፣ ሦስት አሳብ ካለ ሦስት ፈቃድ ሊኖር ግድ ነው። የአንድ አምላክነቱ መሠረት እዚህ ላይ ጥልቅ ሆኖ ይታያል። ለዚህ ትምህርት ያለኝ ፍቅር ከልጅነቴ ጀምሮ አልቀነሰም።

አሁን ደግሞ ነገሩ ሲበላሽ ምን እንደሚመስል እንይ፤ ምክንያቱም ክርስቲያን ነኝ እያለ ወደ ሦስት አማልክት ያዘነበለ ሰው በእርግጥ ነበረ። በ6ኛው መቶ ዘመን በእስክንድርያ ዮሐንስ ፊሎፖኖስ የተባለ ታላቅ ፈላስፋ ይኖር ነበር። በአርስጣጣሊስ መጻሕፍት ላይ ማብራሪያ የጻፈ፣ ለተዋሕዶ ወገን የቆመ ምሁር ነው። አመክንዮው እንዲህ ነበር። በዓለም ላይ ያለው ይህ ሰው፣ ያ ሰው፣ ይህ ፈረስ፣ ያ ፈረስ ነው። «ሰብአዊ ባሕርይ» የሚባለው የጋራ ነገር በአእምሯችን ያለ አሳብ እንጂ ለብቻው የሚገኝ አይደለም። ስለዚህ ሦስት አካላት ካሉ፣ እያንዳንዱ አካል የራሱ ባሕርይ ነው፤ አንድ ነው የምንለው መለኮት በአሳብ ብቻ የሚገናኝ ነው።

ይህ አመክንዮ በሰዎችና በፈረሶች ላይ ሲነገር ብዙ ሰው ይስማማበታል። ወደ ሥላሴ ሲመጣ ግን ምን እንዳደረገ ተመልከቱ። ወልድ ከአብ የተወለደው የአብን ራሱን ባሕርይ ሳይሆን እርሱን የሚመስል ሌላ ባሕርይ ይዞ ነው ማለት ነው። ሦስት ተመሳሳይ አማልክት ተፈጠሩ። የጸሎተ ሃይማኖት «ከእውነተኛ አምላክ የተገኘ እውነተኛ አምላክ፣ የተወለደ እንጂ ያልተፈጠረ» የሚለው ቃል ግን ስለ መመሳሰል አይናገርም። ወልድ ያለው መለኮት ያው የአብ መለኮት ነው፤ አልተከፈለም፣ አልተቀዳም። የተዋሕዶ ጳጳሳት ፊሎፖኖስ የገዛ ወገናቸው ስለሆነ አልሸፈኑትም፤ ትምህርቱን አወገዙ። ግብፅ ላይ የእስክንድርያው ፓትርያርክ ዳምያኖስ በእነዚህ «ሦስት አማልክት ባዮች» ላይ ጻፈ። እኛ ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳሳት እናስመጣ የነበረው ከዚያው መንበር ስለሆነ ይህ የራሳችን ቤት ታሪክ ነው።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። ዳምያኖስ ሦስት አማልክትን ሲሸሽ የአካላትን ልዩነት አሳንሶ ተናገረ ተብሎ በሌላው የተዋሕዶ ፓትርያርክ፣ በአንጾኪያው በጴጥሮስ ተከሰሰ። ሰባልዮስን ልትመስል ነው አለው፤ ሰባልዮስ አንዱ አካል አንዴ አብ፣ አንዴ ወልድ፣ አንዴ መንፈስ ቅዱስ ሆኖ ይገለጣል ያለ ነው። ሁለቱ እኅትማማች አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ምክንያት ለዓመታት ተለያይተው ቆዩ። እኔ በዚህ ጠብ ውስጥ የማየው አንድ የሚጠቅም ነገር አለ። አንድ ሰው ሥላሴን ሲያስተምር የት እንዳዘነበለ ማወቅ የሚቻልበት ፈተና ይሰጠናል። ወልድ በጌቴሴማኒ ወደ አብ ሲጸልይ ማን ወደ ማን ጸለየ ብላችሁ ጠይቁት። ራሱ ወደ ራሱ ካለ ሰባልዮስን ተከትሏል። ሁለት አማልክት ተነጋገሩ ካለ ወደ ፊሎፖኖስ ሄዷል። ሰው የሆነው ወልድ በተዋሐደው ሥጋ ወደ አባቱ ጸለየ፣ መለኮታቸው ግን አንድ ነው ካለ በመንገዱ ላይ ነው።

ስለ ሥዕል ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም፤ ብዙዎቻችን ሥላሴን መጀመሪያ ያወቅነው በሥዕል ነውና። የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያየ ሰው ያስታውሰዋል። ሦስት አረጋውያን፣ ጠጉራቸውና ጢማቸው ነጭ፣ ፊታቸው አንድ ዓይነት፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው። በሌሎች ሥዕሎች ደግሞ በአራቱ ማዕዘን አርባዕቱ እንስሳ ይሳላሉ። አንድ እንግዳ ሰው ይህን ሲያይ «ሦስት አማልክት ብላችሁ ሣላችሁ» ቢል አልፈርድበትም። ሠዓሊው ግን ሊናገር የፈለገውን ቀረብ ብላችሁ እዩ። በምዕራብ አገር ሥዕሎች አብ ሽማግሌ፣ ወልድ ወጣት፣ መንፈስ ቅዱስ ርግብ ሆነው የሚሳሉበት ልማድ አለ። የእኛ ሠዓሊ ይህን አልተከተለም። ወልድን ከአብ አሳንሶ ወጣት ቢያደርገው አንድ ጊዜ አልነበረም የሚለውን የአርዮስን ቃል በቀለም መድገም ይሆንበታል። ስለዚህ ዕድሜያቸውን አስተካከለ፣ ፊታቸውን አንድ አደረገ። አብ የቱ ነው ብሎ የሚፈልግ ዓይን ልዩነት አያገኝም።

ሥዕሉ የመተካከልን ነገር በደንብ ያስተምራል። ሥራቸው አንድ መሆኑን፣ ልባቸው አንድ መሆኑን ግን በቀለም ማሳየት አይቻልም። ከሥዕሉ ብቻ ሥላሴን የተማረ ሰው ሦስት ደጋግ ሽማግሌዎች ተስማምተው ዓለምን ሲያስተዳድሩ ሊመስለው ይችላል፤ ይህም የደቦው ገበሬዎች አሳብ ነው። ስለዚህ ልጆቻችንን ሥዕሉ ፊት ስናቆማቸው ቃሉንም አብረን እንንገራቸው። ሐምሌ 7 ቀን የአብርሃምን እንግዶች ስናስብም እንዲሁ ነው። አብርሃም ሦስት ሰዎች አየ፤ ሲናገር ግን ለአንድ እንደሚናገር «አቤቱ» አለ።

በመጨረሻ ጎርጎርዮስ ልዩነቱን የት ላይ እንዳቆመ ልንገራችሁና ልውረድ። ባሕርያቸው አንድ፣ ሥራቸው አንድ ከሆነ በምን ይለያሉ ሲባል፣ በአስገኝነትና በመገኘት ብቻ ይላል። አብ ከማንም አልተገኘም፤ ወልድ ከአብ ተወለደ፤ መንፈስ ቅዱስም ከአብ ሠረጸ። ይህ ልዩነት ከየት ተገኘ የሚለውን እንጂ ምንድን ነው የሚለውን አይነካም። ዛፍ ተተከለ ወይስ ራሱ በቀለ ብንባባል ስለ አመጣጡ እንጂ ዛፍ ስለ መሆኑ አልተከራከርንም፤ ጎርጎርዮስም ይህንኑ አነጋገር ይጠቀማል። መወለድ ከመሥረጽ በምን ይለያል ብሎ ገፍቶ ለሚጠይቅ ግን አባቶች የሰጡት መልስ እንደሚለይ እናውቃለን፣ እንዴት እንደሚለይ አልተገለጠልንም የሚል ነው። ጥያቄ ያላችሁ ካለ አሁን እቀበላለሁ።